ሙቅ ውኃ እስኪመጣ ስንት ጀሪካን ቀዝቃዛ ይፍሰስ?

እናቴ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ኪዳን ለመሄድ ትነሣለች። ፊቷን ለመታጠብ የሙቁን ቧንቧ ትከፍታለች። ጣቷን ከውኃው ሥር አድርጋ ትጠብቃለች። ቀዝቃዛ ነው። ትንሽ ቆይታ እንደገና ትነካዋለች። አሁንም ቀዝቃዛ ነው። እግሯ ሴራሚኩ ላይ እየደነዘዘ፣ ውኃው እየፈሰሰ ትቆማለች። በመጨረሻ ይሰለቻትና በቀዝቃዛው ተለቃልቃ ትወጣለች። ሙቁ ውኃ የሚደርሰው እሷ ከግቢ ስትወጣ ነው።

ይህን ለአራት ዓመት ዐየሁ። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ሮቶ ሞልቶ እንዲቆይ በምንጸልይበት ቤት! ያናድዳል። ባለፈው ወር መፍትሔ አገኘን። ግድግዳ ሲበሳ ያዩ ጎረቤቶች ስለሚጠይቁኝ እዚሁ ልመልስላቸው።

«ቦይለሩ ደክሞ ይሆን?» መጀመሪያ የጠራነው ቧንቧ ሠራተኛም ያለን ይህንኑ ነው። ባለ 50 ሊትሩን አውጥተን ባለ 80 ሊትር ገዛን። አንዲት ሰከንድ እንኳ አልተቀነሰም። ሊቀነስም አይችልም ነበር። የቦይለሩ መጠን የሚወስነው ሙቁ ውኃ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚበቃ ነው። በስንት ደቂቃ እንደሚደርስ የሚወስነው ቧንቧው ነው። ያን ሁሉ ብር ከማውጣታችን በፊት ይህን የሚነግረን ሰው አጣን።

«ታዲያ ምክንያቱ ምንድን ነው?» የእኛ ቦይለር ያለው ከጓሮ ሰርቪስ ቤት ነው። የእናቴ መታጠቢያ ደግሞ ፎቅ ላይ፣ ከፊት ለፊት ነው። ቧንቧው የሚሄድበትን መንገድ ተከትዬ በሜትር ለካሁት፤ 26 ሜትር ሆነ። ሌሊቱን ሙሉ ቧንቧው ውስጥ ያደረው ውኃ በርዷል። ሙቁ እንዲገባ ያ ሁሉ መውጣት አለበት። መስመሩ ፒፒአር የሚባለው ባለ 32 የፕላስቲክ ቧንቧ ነው። 32 ሚሊ ሜትር የውጪው ስፋት ነው፤ የውስጡ 21 ገደማ ነው። አንድ ሜትሩ ከሲሶ ሊትር በላይ ይይዛል። በ26 ሜትር ወደ 9 ሊትር ማለት ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ጀሪካን ደቅኜ፣ በስልኬ ሰዓት ይዤ ለካሁ። ውኃው እስኪሞቅ 3 ደቂቃ ፈጀ፤ ጀሪካኑ ውስጥ 12 ሊትር ገባ። ከ9 በላይ የሆነው መጀመሪያ የሚደርሰው ሙቅ ውኃ የቧንቧውን አካል ሲያሞቅ ራሱ ስለሚበርድ ነው። በቀን ሦስት ጊዜ ብቻ ብንከፍት 36 ሊትር ነው። በወር ከ1000 ሊትር ይበልጣል። አንድ ሙሉ ሮቶ!

እዚህ ላይ የሚያበሳጨኝ ሌላ ነገር አለ። ለአንድ መታጠቢያ ባለ 25 ቧንቧ በቂ ነበር። እሱ ቢሆን ኖሮ በ26 ሜትሩ ውስጥ የሚያድረው ከ6 ሊትር በታች ነበር። «ወፍራም ቧንቧ ጥሩ ነው» ተብሎ ነው 32 የተዘረጋው። ለግፊት ጥሩ ሊሆን ይችላል። ለሙቅ ውኃ ግን በወፈረ ቁጥር የሚደፋው ይበዛል።

«መመለሻ መስመር የምትሉት ምንድን ነው?» ይህን ያስረዱን ሁለተኛው ቧንቧ ሠራተኛ ናቸው። ሽማግሌ ናቸው። «ጋሼ፣ ውኃው እንዳይደፋ ማድረግ ይቻላል?» አልኳቸው። «የኔ ልጅ፣ ከመድፋት ወደመጣበት መመለስ ነዋ» አሉኝ።

ነገሩ ይኸው ነው። ከመጨረሻው ቧንቧ ሥር ሌላ ቀጭን መስመር ተነሥቶ ወደ ቦይለሩ ይመለሳል። የሚገባው በቀዝቃዛው መግቢያ በኩል ነው፤ ከሴፍቲ ቫልቩ በኋላ፣ ከቦይለሩ በፊት። እዚያ ትንሽ ፓምፕ አለ። ፓምፑ ሲነሣ የበረደውን ውኃ ወደ ቦይለሩ ይስበዋል፤ ሙቁ ደግሞ ከኋላው ተከትሎ ወደ ላይ ይመጣል። አንዲት ጠብታ አትደፋም። የእኛ መመለሻ ባለ 20 ነው፤ በውጪው ግድግዳ ዞሮ ወረደ።

«ፓምፑ ቀኑን ሙሉ ይሠራል?» በፍጹም! እንዲህ ካደረጋችሁ ውኃ አትርፋችሁ መብራት ታቃጥላላችሁ። መሄጃና መመለሻው 52 ሜትር ነው። ፎም ያልለበሰ ቧንቧ በሜትር 10 ዋት ሙቀት ቢያባክን፣ በቀን ከ12 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ነው። ቤቱን በቧንቧ እያሞቁ መኖር ማለት ነው። የእኛ በማብሪያ ነው የሚነሣው። ማብሪያው ከእናቴ አልጋ አጠገብ ነው። የቧንቧው ጫፍ ላይ ያለችው ሴንሰር 38 ዲግሪ ስትደርስ ፓምፑ ራሱ ይጠፋል።

አንድ ነገር ግን አትሳሳቱ። ይህ ዓይነቱ አሠራር ጊዜውን አያጠፋውም። ሙቁ ውኃ አሁንም 2 ደቂቃ ያህል ይወስድበታል። ግን እናቴ ከአልጋዋ ሳትነሣ ማብሪያውን ትጫነዋለች፤ ነጠላዋን እስክታነሣ ይደርሳል። ከሁሉ በላይ ውኃው አይደፋም።

«እኛም አስገብተን ነበር፤ ጭራሽ ለብ ያለ ውኃ መጣ» ያለችኝ ጎረቤት አለች። የእኛም በሁለተኛው ቀን እንደዚያ ሆነ። እናቴ ስትከፍት ሙቁ መጣና ወዲያው ለዘብ አለ። ጋሼ መጡ። ምንም ሳይፈቱ እኔን ቧንቧውን አስከፈቱኝና በእጃቸው መመለሻውን ያዙት። ፓምፑ ጠፍቷል፤ መመለሻው ግን እየቀዘቀዘ ሄደ። «ይኸው፣ ወደ ኋላ እየመጣ ነው» አሉ። ውኃን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው ቼክ ቫልቭ ሳይገባ ቀርቶ ነበር። እሱ ከሌለ ቧንቧው ሲከፈት ቀዝቃዛው ውኃ ቦይለሩን ትቶ በመመለሻው በኩል አቋርጦ ይመጣል። ከሙቁ ጋር ይቀላቀልና ለብ ይላል። አንዲት ትንሽ ዕቃ ገባች፤ ነገሩ አለቀ። የእናንተም እንደዚያ ከሆነ በእጃችሁ ነክታችሁ እዩት።

«ግድግዳ ማስበሳት ካልቻልንስ?» የተከራየ ሰው ምን ያድርግ? ከመታጠቢያው ሥር ሙቁንና ቀዝቃዛውን መስመር የሚያገናኝ ቫልቭ አለ። ፓምፑ የበረደውን ውኃ በቀዝቃዛው መስመር ይመልሰዋል፤ ሙቁ ሲደርስ ቫልቩ ይዘጋል። ጉድለቱ ከቀዝቃዛው ቧንቧ መጀመሪያ ለብ ያለ ውኃ መውጣቱ ነው። ሊጠጣ የፈለገ ሰው ይናደዳል። ችግሩ ኩሽና ብቻ ከሆነ ደግሞ ከሲንኩ ሥር ባለ 10 ሊትር ትንሽ ቦይለር መስቀል ይሻላል። 26 ሜትሩ አንድ ሜትር ይሆናል።

አሁን ወደ ብሶቴ። እኛ ለዚህ ብለን ሴራሚክ ሰበርን፣ ግድግዳ በሳን፣ ቀለም እንደገና ቀባን። ቧንቧውና ፓምፑ ከወጣው ገንዘብ ትንሹ ነበር። ቤቱ ሲሠራ፣ ሊሾው ሳይፈስ፣ 26 ሜትር ባለ 20 ቧንቧ ጎን ለጎን ቢቀበር ኖሮ የአንድ ቀን ሥራ ነበር። ፓምፑን ባንገዛ እንኳ ጫፉን ደፍነን እንተወው ነበር። ከዚያም የተሻለ ነገር ነበር፤ ቦይለሩን ከሰርቪስ ቤት አንሥቶ ከመታጠቢያው ጀርባ መስቀል። አሁን ቤት እያሠራችሁ ያላችሁ ሰዎች፣ እባካችሁ ነገ ጠዋት ሳይቱ ላይ ሂዱና ቦይለሩ የት እንደሚሰቀል ጠይቁ። ከዚያ እስከ መጨረሻው መታጠቢያ ያለውን በሜትር ለኩ። ሊሾ ሳይፈስ!