እንኳን ወደ ድረ ገጻችን በደህና መጡ

የቤተሰብ የእንግዳ ማረፊያዎቻችን በድረ ገጻቸው ግንባር ላይ የሚያሰፍሩትን የአቀባበል ቃል ያነበበ ሰው፣ እንግዳ ተቀባይነታችን ምን ያህል እንደረቀቀ ሳይገባው አይቀርም። ድሮ እንግዳ የሚባለው ደጅ ደርሶ «ቤቶች!» ብሎ የተጣራ ሰው ነበር፤ ዛሬ ግን ገና ክፍል ሳይዝ፣ እንዲያውም ቤቱ በየትኛው ከተማ እንደሚገኝ እንኳ ሳያውቅ፣ «እንኳን ወደ ድረ ገጻችን በደህና መጡ!» ይባላል። ከተቀመጠበት ሶፋ ንቅንቅ ያላለን ሰው በደህና በመድረሱ ደስ መሰኘት ቀላል ደግነት አይደለም።

ላሊበላ ውስጥ የማውቀውን አንድ ቤት ላንሳ። ስሙን አልጠራም፤ ድረ ገጹ ራሱ ስሙን ከሦስተኛው አንቀጽ በፊት አይጠራውምና እኔ ልቀድመው አይገባኝም። ባልና ሚስት ከልጆቻቸው ጋር 6 ክፍል ያከራያሉ። ገጹ ሲከፈት ከላይ ወደ ታች የተነሣ የቤተ ጊዮርጊስ ፎቶ ይታያል (ያላስተዋለ ሰው ቁርስ የሚቀርበው እዚያ ውስጥ ሊመስለው ይችላል)፤ በፎቶው ላይ የአቀባበሉ ቃል፣ ከሥሩ ደግሞ አጭሩ መግለጫ እንዲህ ይነበባል፦ «ለክቡራንና ክቡራት ደንበኞቻችን ዓለም አቀፍ ደረጃውን የጠበቀ፣ ዘመናዊ፣ ምቹ፣ ጽዱና ማራኪ በሆነ አካባቢ፣ በሠለጠኑና በትሕትና በታነፁ ባለሙያዎች የታገዘ፣ ከቤትዎ ውጭ ሌላው ቤትዎ የሚያሰኝ፣ በዓይነቱ ልዩ የሆነ የመኝታ አገልግሎት በላሊበላ ከተማ እንሰጣለን።» የሠለጠኑት ባለሙያዎች እናትየውና ሁለቱ ሴት ልጆቿ ናቸው።

የዚህ መግለጫ ጥበብ ሙሉ በሙሉ የሚገለጠው ግን በጉግል የፍለጋ ውጤት ላይ ነው። ጉግል ከአንድ ገጽ መግለጫ የሚያሳየው የመጀመሪያውን ጥቂት መስመር ብቻ ነው፤ በስልክ ላይ ከዚያም ሊያንስ ይችላል፤ የተረፈውን በነጠብጣብ ይተካዋል። በእንግሊዝኛ የተጻፈ መግለጫ ሲቆረጥ የሚያጣው ጅራቱን ነው። በአማርኛችን ግን ቅጽል ይቀድማል፣ ስም ይከተላል፣ ማሠሪያ አንቀጹም መጨረሻ ላይ ይመጣልና መቀሱ የሚያርፈው አንገቱ ላይ ነው። ስለዚህ ፈላጊው ዘመናዊውንም፣ ምቹውንም፣ ጽዱውንም፣ ማራኪውንም አንብቦ «በዓይነቱ ልዩ የሆነ» ላይ ሲደርስ ነጠብጣብ ይቀበለዋል፤ መኝታውም፣ ላሊበላም፣ «እንሰጣለን» የሚለውም ከመቀሱ ወዲያ ማዶ ቀርተዋል። የጥርስ ሕክምና ይሁን የሙሽራ ልብስ ኪራይ መገመት የአንባቢው ፈንታ ነው። ከመግለጫው በላይ በሰማያዊ የሚታየው የገጹ ርዕስ ይረዳዋል እንዳይባል፣ ድረ ገጹን የሠራው ባለሙያ ከነበረበት ሳይነካው ስለተወው «Home» ብቻ ይላል። ቤት መሆኑስ ተነግሯል፤ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

ታዲያ ግራ የገባው ሰው ስልክ ይደውላል፤ ስልኩን የምታነሣው እናትየው ናት። አጠገቧ ተቀምጬ እንደሰማኋት እንዲህ ትላለች፦ «አዎ ልጄ፣ ላሊበላ ነው። 6 ክፍል አለን፤ አራቱ ሻወር ውስጣቸው ነው፣ ሁለቱ በጋራ ነው። ቤተ ጊዮርጊስ በእግር 10 ደቂቃ ነው። ሌሊት ይበርዳልና ሁለት ሁለት ብርድ ልብስ ነው የምናደርገው፤ ለኪዳን የምትነሣ ከሆነ በሩን ባለቤቴ ይከፍትልሃል። ለገና ነው እንዴ? ለገናማ አሁኑኑ ካልያዝህ አታገኝም።»

ይህ ንግግር ድረ ገጹ ላይ አለመግባቱ የቤቱን ክብር ጠብቆታል። «በላሊበላ 6 ክፍል ያለው የቤተሰብ ማረፊያ፤ ከቤተ ጊዮርጊስ በእግር 10 ደቂቃ» ተብሎ በትልቁ ቢጻፍ፣ ከሥሩም ብርድ ልብሱና በሌሊት በር የሚከፍተው አባወራ ቢከተሉ፣ ሁሉም ከመቀሱ ወዲህ በገባና አንባቢው በአንድ እይታ ነገሩን በጨረሰ ነበር። ከዚህ የባሰ አደጋም አለ። «10 ደቂቃ» ብሎ የጻፈ ሰው፣ እንግዳው ሰዓቱን እያየ ሲራመድ 20 ደቂቃ ቢፈጅበት ይጠየቃል፤ «ሻወር በጋራ ነው» ያለም አስቀድሞ ስለተናገረ የሚያኮርፍ እንግዳ ያጣል። «ማራኪ» ያለን ሰው ግን በምን ሜትር ለክቶ ማን ይጠይቀዋል? የጥንቶቹ ነጋዴዎች በሚዛን ይሸጡ የነበረው ቅጽል ስላላወቁ ይመስለኛል።

ባለፈው ሳምንት ድረ ገጹን የሚከታተለው የቤቱ የበኩር ልጅ ብዙ እንግዳ ደውሎ ከተማውን ብቻ እየጠየቀ ስለሚዘጋ ገጹን እንዳሻሻለ በደስታ ነገረኝና ስልኩን ዘረጋልኝ። እውነትም ተሻሽሏል፤ ከ«በደህና መጡ» ቀጥሎ የነበረው አንድ ትእምርተ አንክሮ ሦስት ሆኗል። አድናቆቴን ገልጬለት ሳልጨርስ ማድ ቤት ውስጥ ስልክ ጮኸ፤ እናትየውም እጇን በነጠላዋ ጫፍ አድርቃ አነሣችው፦ «አዎ ልጄ፣ ላሊበላ ነው።»