ዓሣውን ተዉት፣ ስለ ሩዙ ንገሩን

ቆሮሶ ዓሣ በሩዝ የበሉ ደንበኞቹ የታመሙበት ምግብ ቤት እንዲህ ብሏል፦ «ደንበኞቻችንን ይቅርታ እንጠይቃለን። ዓሣ የሚያቀርብልንን ሰው ቀይረናል። ሌላ ምን እናድርግ?»

ሰውየውን ያለ ጥፋቱ ያባረራችሁት ይመስለኛል። ሰዎቹ ቆሮሶ በሩዝ በልተው ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ነው ያስመለሳቸው። እንዲህ ፈጥኖ ሲመጣ፣ ብዙ ጊዜ መርዙ ሳህኑ ላይ ሳይቀርብ በፊት ምግቡ ውስጥ ተፈጥሯል ማለት ነው። እኔ ጣና ዳር ወጥ ቤት ሠርቻለሁ። የማታው ሩዝ በትልቅ ድስት ተከድኖ ያድር ነበር፤ የባሕር ዳርን ሙቀት ደግሞ ታውቁታላችሁ።

ባሲለስ ሴሬስ የሚባል ባክቴሪያ አለ። ዘሩ መቀቀልን ይቋቋማል። ሩዙ ለብ እንዳለ ሲቆይ ይራባና መርዝ ይለቃል። ጠዋት በዘይት ብትጠብሱት ባክቴሪያው ይሞት ይሆናል፤ መርዙ ግን ንቅንቅ አይልም። ሽታውም ጣዕሙም አይለወጥም፣ ጉዱ እሱ ነው።

የተረፈውን በሰፊ ትሪ ስስ አድርጋችሁ ዘርጉት። ድስት ሙሉ ሩዝ ፍሪጅ ውስጥም ቢገባ መሃሉ ለረጅም ሰዓት ትኩስ ነው። ከተቀቀለ በ2 ሰዓት ውስጥ ከ5 ዲግሪ በታች ይግባ። መብራት ከሌለ ትንሽ ትንሽ ቀቅሉ፣ የተረፈውን ድፉት።

እና ይቅርታው ላይ አንድ መስመር ጨምሩ፦ የዚያን ቀን ሩዝ መቼ ተቀቀለ?