ማስተካከያ፦ ቀጠሮ የተያዘለት መልእክት ስልኩ ጠፍቶ አይሄድም

«ሜሴጁን ሰዓት ሞልታችሁ ስልኩን አጥፉት፤ ኔትወርኩ ራሱ በሰዓቱ ይልከዋል።»

ይህ ሰሞኑን በደሴና በኮምቦልቻ ግሩፖች የተዘዋወረ ምክር ትክክል አይደለም። የጉግል Messages ይፋዊ የእርዳታ ገጽ እንደሚያስረዳው ሰዓቱ ሲደርስ ስልኩ የበራ መሆን፣ ግንኙነትም ማግኘት አለበት። መልእክቱ እስከዚያ ድረስ የሚቀመጠው ስልካችሁ ላይ ነው።

ሌላ አፕ ማውረድ አያስፈልግም። በጉግል Messages ጽሑፉን ጽፋችሁ የመላኪያውን ቁልፍ ተጭናችሁ ቆዩ። Schedule send ሲመጣ ቀንና ሰዓት ምረጡ፣ ከዚያ ላኩ። በሳምሰንግ የራሱ የመልእክት አፕ ከሆነ ደግሞ ከጽሑፉ ሳጥን ጎን ያለውን + ነክታችሁ Schedule message ትመርጣላችሁ።

በጣም የሚያሳስተው ግን ሰዓቱ ነው። ሐይቅ ላለች እናታችሁ «እማዬ፣ መነሃሪያ ደርሻለሁ» የሚለው ጠዋት 12:30 እንዲደርሳት ከፈለጋችሁ፣ ስልኩ በፈረንጅ አቆጣጠር የሚሄድ ከሆነ 6:30 AM ብላችሁ ሙሉ። 12:30 AM ብትሉት ከሌሊቱ 6:30 ላይ ይቀሰቅሳታል፤ 12:30 PM ካላችሁት ደግሞ ከቀኑ 6:30 ነው የሚደርሳት።

ምክሩን አምናችሁ ስልካችሁን አጥፍታችሁ ከነበረ አብሩና ያን የመልእክት ልውውጥ ክፈቱት። ከመልእክቱ ጎን የሰዓት ምልክት ካለ ገና አልሄደም። ምልክቱን ስትነኩት ማስተካከል፣ አሁኑኑ መላክ ወይም መሰረዝ ትችላላችሁ። የለቅሶ ወይም የቀጠሮ መልእክት ከሆነ ግን ደውላችሁ ብትነግሩ ይሻላል። መብራት የሚጠፋበት ሰሞን ከሆነ ደግሞ ማታውኑ ስልኩን ቻርጅ አድርጉት።