አዝማቹ ቀድሞ ይጻፍ

በአውራጅና በተቀባይ የሚባል የምስጋና ግጥም ስንጽፍ አብዛኞቻችን ከአውራጁ ስንኝ እንጀምራለን። አዝማቹ በመጨረሻ ይለጠፋል። እኔ ግን መጀመሪያ መጻፍ ያለበት አዝማቹ ነው እላለሁ፤ አውራጁ ቃሉን አጥንቶ ይመጣል፣ ተቀባዩ ግን እዚያው ሰምቶ እዚያው መመለስ አለበት።

«ምስጋና ላንተ ይሁን» የሚለውን አዝማች እንውሰድ። ሐሳቡ እንከን የለውም። ችግሩ መድረሻው ላይ ነው፤ «ን» ሳድስ ስለሆነች ድምፅ አታስረዝምም። ግማሹ ሰው «ሁ» ላይ ሲጎትት ግማሹ ቀድሞ ይዘጋና ጉባኤው ይበታተናል። ቃላቱን ገልብጠን «ላንተ ይሁን ምስጋና» ብንል መጨረሻው ራብዕ ይሆናል፤ «ና» ላይ ሁሉም አፉን ከፍቶ እስኪበቃው ይቆያል።

አሁን ወደ አውራጁ እንሂድ። «ጨለማው ተገፍፎ ንጋት ወጣልን» ቢል ዐረፍተ ነገሩ እዚያው አልቋል። ተቀባዩ ሌላ ስንኝ ይከተል እንደሆነ ወይም ተራው የሱ እንደሆነ አያውቅም። ከፊቱ ያለውን ሰው አይቶ ዘግይቶ ይገባል። «ጨለማው ተገፍፎ ንጋት ወጣልንና» ካለ ግን ነገሩ ተንጠልጥሏል፤ ማሰሪያው ያለው በሕዝቡ አፍ ነው። ቤቱም በ«ና» ስለመታ ጆሮ ራሱ ይጠራዋል። ልኩም ሞልቷል፤ ስድስት ቀለም፣ ከዚያ ስድስት፣ ማለትም የወል ቤት። (ፊደል መቁጠር እዚህ አይሠራም። «ምስጋና» በፊደል አራት ናት፣ ስትዜም ግን ሦስት ቀለም ብቻ ነው ያላት።)

ይህ «ና» ግን ርካሽ ነው፤ የትኛውም ግሥ ላይ ይቀጠላል። «የነጠፈው ምንጭም ዳግም ፈለቀና» ብሎ መቀጠል ይቻላል፣ አራተኛው ላይ ግን ይሰለቻል። ስለዚህ እየቆዩ ቤቱን በሙሉ ቃል መምታት ይሻላል፦

ሰላም ስላደልከን ስላደልከን ጤና
ላንተ ይሁን ምስጋና

እዚህም ሐሳቡ እንደተንጠለጠለ ነው፤ «ስለ» ማሰሪያ ይጠይቃል።

አዝማቹ «ላንተ» ካለ አውራጁ መሐል ገብቶ «እሱ ሰጠን» ማለት የለበትም። በወረቀት ላይ ብዙም አይታይም፤ ሲዜም ግን አውራጁ ስለ ሦስተኛ ወገን እያወራ ሕዝቡ ፊት ለፊት የሚናገር ይመስላል። ብዙ የተለፋባቸው ግጥሞች እዚህ ላይ ሲሰናከሉ ሰምቻለሁ፤ አንዳንዱ አውራጅ በድምፁ ማማር ይሸፍነዋል እንጂ ስሕተቱ የግጥሙ ነው።

መፈተኛው ቀላል ነው። ግጥሙን አይቶ ለማያውቅ ሰው አዝማቹን አንዴ ብቻ አሰሙት፣ ከዚያ ያለ ዜማ፣ በእጅም በዓይንም ሳትጠቁሙ የአውራጁን ስንኞች አንብቡለት። በየመድረሻው ሳይጠየቅ ከገባ ግጥሙ ለዜማ ደርሷል። የሚያመነታበት ስንኝ ካለ ሌላውን ሳትነኩ የዚያን ስንኝ መጨረሻ ብቻ አስተካክሉ።