የጌንቱ በግ ፊት፦ ምን ይነሣ፣ ምን ይሞላ፣ ምን ይተው?

«ሰው ለዘመናት የለመደውን ፊት ምን አግብቷቸው ነው የፋቁት? ምነው እንደነበረ ቢተዉት?»

ይህ ጥያቄ የሚነሣው ጠጋኞች ጌንት ከተማ ባለ ጥንታዊ ሥዕል ላይ፣ በኋላ ዘመን የተቀባውን የበግ ፊት ፍቀው የቀድሞውን ስላወጡ ነው። መፋቃቸው ትክክል ነበር ባይ ነኝ። ምክንያቴን ለማስረዳት ግን ከሥዕሉ ልጀምር።

ሰዓሊዎቹ የቫን አይክ ወንድማማቾች የሠሩት የመሠዊያ ሥዕል የሚገኘው ቤልጅየም፣ ጌንት ከተማ፣ ቅዱስ ባቮ ካቴድራል ውስጥ ነው። በኦክ ዛፍ ጣውላዎች ላይ በዘይት ቀለም የተሠራ ሲሆን፣ ያለቀው በፈረንጆቹ 1432 ነው። መካከሉ ላይ በመሠዊያ የቆመ በግ አለ። ደሙ ወደ ጽዋ ይፈስሳል። በ2012 የጥገና ሥራ ሲጀመር የታሰበው የቆየውን ቢጫ ቫርኒሽ ማንሣት ነበር። ቫርኒሹ ሲነሣ ግን ያልተጠበቀ ነገር ተገኘ። ሥዕሉ ሲዘጋ የሚታዩት የውጭ መዝጊያዎች ከግማሽ በላይ በሌላ ሰው ቀለም ተሸፍነዋል። በሁለተኛው ዙር ወደ በጉ ሲደርሱም ያው ሆነ። ሰዉ የሚያውቀው የዋህ የእንስሳ ፊት የቫን አይክ አልነበረም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ላዩ ላይ የተቀባ ነው።

ይህን እንዴት አወቁ? ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ከመርፌ ጫፍ የምታንስ ቅንጣት ከቀለሙ ይወሰዳል። ሙጫ በመሰለ ግልጽ ነገር ውስጥ ይቀበርና ጎኑ ተሞርዶ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ያን ጊዜ ድርብርቡ ይነበባል። ከታች ከጠመኔና ከእንስሳ ሙጫ የተሠራው ነጭ መደብ አለ። ከዚያ የመጀመሪያው ቀለም ይመጣል። ከዚያ አሮጌ ቫርኒሽና እድፍ። ከዚያ ደግሞ ሌላ ቀለም። ሰዓሊ ሐሳቡን ቀይሮ በራሱ ሥራ ላይ ቢደግም በመካከሉ የዘመናት እድፍ አይኖርም። እድፍ ካለ ከላይ ያለው ቀለም በኋላ የመጣ ነው። ስንጥቁም ይመሰክራል። የላዩ ቀለም በታችኛው ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ከተገኘ፣ ሲቀባ ሥዕሉ ቀድሞ አርጅቶ ተሰንጥቆ ነበር ማለት ነው።

ይሄ ብቻውን ግን ለመፋቅ አይበቃም። ቀጣዩ ጥያቄ ከሥር ምን ቀርቷል የሚል ነው። ከታች ያለው ባዶ እንጨት ከሆነ ላዩን ማንሣት ሥዕሉን ያሳጣል እንጂ አይመልሰውም። እንዲህ ባለ ቦታ አሮጌው የሰው እጅ መተው አለበት። ለዚህ ራጅና የንጥረ ነገር ካርታ የሚያወጣ መሣሪያ ተጠቀሙ። የእርሳስ ማዕድን ያለበት ነጭ ቀለም የት እንዳለ፣ ብረት ያለበት ቡናማ የት እንዳለ፣ ሥዕሉ ሳይነካ ይታያል። የበጉ የቀድሞ ፊት ከሥር በአመዛኙ ደህና ሆኖ ተገኘ።

ቀድሞ የተሞከረ ግማሽ መንገድም ነበር። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የነበሩት ጠጋኞች በበጉ ራስ ዙሪያ ያለውን ትርፍ ቀለም አንሥተው ፊቱን እንዳለ ተዉት። የቀድሞዎቹ ጆሮዎች ብቅ አሉ፤ የኋለኞቹም አልጠፉም። በጉ አራት ጆሮ ይዞ ወደ 70 ዓመት ገደማ ኖረ። ጥንቃቄያቸውን አከብራለሁ። ውጤቱ ግን የማንም ሥዕል ያልሆነ ነገር ነው፦ የቫን አይክም አይደለም፣ የ16ኛው ክፍለ ዘመን ሰውም አይደለም።

ሥራው ራሱ አድካሚ ነው። በማይክሮስኮፕ እያዩ የላዩን ቀለም በማሟሚያ በተነከረ ጥጥ ያለሰልሱታል፤ ከዚያ በቀዶ ጥገና ምላጭ ቅርፊቱን ያነሡታል። በመካከል ያለው የድሮ ቫርኒሽ እዚህ ላይ ባለውለታ ነው፤ ምላጩ ከቫን አይክ ቀለም ጋር ሳይገናኝ የሚንሸራተትበት ክፍተት ይሰጣል። ያ ንጣፍ በሌለበት ቦታ ሁለቱ ቀለሞች ተጣብቀዋል፤ እዚያ ላይ መግፋት አደጋ ነው። ጥጡ ላይ የሥዕሉ ቀለም ከታየ ወዲያው ይቆማል። የተነሣ አይመለስማ።

በ2019 ፊቱ ሲወጣ ብዙ ሰው ደነገጠ። ዓይኖቹ ወደ ፊት ያፈጣሉ። አፉ ጠበቅ ያለ ነው። ሰው ይመስላል። ኢንተርኔቱ ሳቀበት። እኔ ግን ያ እይታ የታሰበበት ይመስለኛል። ደሙን እያፈሰሰ ተመልካቹን ቀጥ ብሎ የሚያይ በግ ነው። ኋለኛው ሰዓሊ ያለዘበው ይህንኑ ነው።

መሙላት ደግሞ ሌላ ሕግ አለው። ቀለም የረገፈበት ጉድጓድ በጠመኔና በሙጫ ድብልቅ ተሞልቶ ከአካባቢው ጋር እኩል ይደረጋል። ቀለሙ የሚቀባው ከጉድጓዱ ጠርዝ ሳያልፍ፣ በቫርኒሽ ላይ፣ ነገ በቀላል ማሟሚያ በሚለቅ ዓይነት ነው። የ16ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ጥፋትም ከጠርዙ ማለፉ ነበር። ትንሽ ጉዳት ለመሸፈን ብሎ ደህናውን ሁሉ ለበጠው።

ጌንት ላይ ጉድጓዶቹ ትንንሽ ስለሆኑ ዙሪያቸውን አይቶ አስመስሎ መሙላት ይቻላል። ጣሊያን፣ ፍሎረንስ ላይ ግን አልተቻለም። በፈረንጆቹ ኖቬምበር 4 ቀን 1966 አርኖ ወንዝ ሞልቶ የሰዓሊውን ቺማቡዌን የ13ኛው ክፍለ ዘመን ትልቅ ስቅለት ሲያጠልቅ ከቀለሙ እጅግ ብዙው ረገፈ፤ የክርስቶስ ፊት እንኳን ተጎዳ። የጠፋውን አስመስሎ መሳል ፈጠራ ይሆን ነበር። ስለዚህ ባዶውን በቀጫጭን፣ በሚተላለፉ ባለቀለም መስመሮች ሞሉት። ከሩቅ ዓይን አይሰናከልም፤ ቀረብ ሲሉ ይህ የቺማቡዌ እንዳልሆነ በግልጽ ይታያል። አንዳንዶች አልወደዱትም። ለእኔ ግን ትክክል ነው። አንድ ባለሙያ ቺማቡዌ የሳለውን ዓይን ካላየ ሊስልለት አይገባም።

ስንጥቅስ? እሱ ይተዋል። እንጨቱ በእርጥበት ያብጣል፣ በድርቀት ይሸበሸባል። ጠንካራው ቀለም አብሮት መሄድ ስለማይችል ይሰነጠቃል። ስንጥቁን ለመደበቅ በግራና ቀኙ ያለውን ዋናውን ቀለም መሸፈን ያስፈልጋል፤ ያ ደግሞ የድሮው ጥፋት መደገም ነው። የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ የስንጥቁ ጠርዝ ተነሥቷል ወይ? ከተነሣ ሊረግፍ ነው፤ ከሥሩ ሙጫ ገብቶ ይጣበቃል። ካልተነሣ አይነካም።

ይህን የምጽፈው የእኛም አብያተ ክርስቲያናት ስለሚያሳስቡኝ ነው። ብዙዎቹ የግድግዳ ሥዕሎቻችን በአቡጀዲ ላይ ተስለው ግድግዳ ላይ የተለጠፉ ናቸው። በአብዛኛው ቫርኒሽ የላቸውም። ስለዚህ በቫን አይክና በእድፉ መካከል የነበረው መከላከያ እኛ ጋ የለም፤ የእጣኑ ጥቀርሻ ቀለሙ ላይ ራሱ ነው የተቀመጠው። በውሃ የሚሟሟ ማጣበቂያ ያለውን ቀለም በእርጥብ ጨርቅ የወለወለ ሰው ጥቀርሻውን ከነቀለሙ ይወስደዋል። ምእመናን ፊቱ የጠፋ ቅዱስ ፊት መቆም እንደሚከብዳቸው ይገባኛል፤ «አሳድሱልን» ማለታቸውም ከፍቅር ነው። ነገር ግን ደብሩ አዲስ ሥዕል ከፈለገ በአዲስ አቡጀዲ ላይ ያስል፤ አሮጌውን አቧራው በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ተነሥቶለት፣ የተላቀቀው ጠርዙ ተጣብቆለት፣ ጣራው እንዳያፈስበት ተደርጎ ይቀመጥ። ሌላውን ነገር ባለሙያ በጣት ጥፍር በምታህል ጥግ ላይ ሞክሮ፣ ጥጡን አይቶ ይወስን።