ነጥቧን ያየው ልጅ ምን አጠፋ?

የዛሬው ግን ከልክ አለፈ! ጀማሪው የሂሳብ ሠራተኛ በዓመቱ መዝጊያ ሪፖርት ላይ ያለው ወጪ ከመዝገቡ በ437,850 ብር እንደሚበልጥ አይቶ ልዩነቱን ለ9 ቢያካፍለው ያለ ቀሪ 48,650 ሆነ፤ የአንድ ጥገና ደረሰኝም ይህንኑ ይላል። ሪፖርቱ ግን 486,500 ብሎታል። የአሥርዮሽ ነጥቧ አንድ ቤት ወደ ቀኝ ስትሸሽ ቁጥሩ አሥር እጥፍ፣ ልዩነቱም የትክክለኛው ዘጠኝ እጥፍ ይሆናልና ምልክቱ ግልጽ ነበር። ታዲያ ደረሰኙን ይዞ ሲመጣ ምን ተባለ? «ልዩነቱን በጊዜያዊ ሂሳብ ይዘህ ዝጋው!» ለምን? አንድ መስመር ማረም ይህን ያህል ከባድ ነው? ወጪው ያለ አግባብ አብጦ፣ ትርፉ አንሶ፣ ግብሩም በዚያው ሊሰላ ነው? ልጁን ለምን ይቆጡታል? ሪፖርቱ ካልታረመ እኔ አልፈርምበትም።