ውሃና አገር በአንድ ቃል

«ይቺን አባባል በእናንተ ቋንቋ እንዴት ትሏታላችሁ?»

የጠየቁኝ ቬትናማዊ ጎረቤቴ ናቸው። የምንኖረው ቨርጂኒያ፣ ፎልስ ቸርች ነው። የእነሱ የገበያ ማዕከል ኤደን ሴንተርና የእኛ እንጀራ ቤቶች በዚህ አካባቢ ብዙም አይራራቁም። አባባሏን በጣታቸው እየቆጠሩ አሰሙኝ። በእኛ ፊደል ቢጻፍ ወደዚህ ይጠጋል፦ «ኛት ንዎክ፣ ኚ ፈን፣ ታም ከን፣ ቱ ዞንግ»። ቃል በቃል ስትፈታ «አንደኛ ውሃ፣ ሁለተኛ ፍግ፣ ሦስተኛ ትጋት፣ አራተኛ ዘር» ናት። ሩዝ ጥሩ ምርት እንዲሰጥ ምን ከምን እንደሚቀድም ነው የምትናገረው።

ቀላል መስላኝ ነበር። ማታ ደጀን ላሉት እናቴ ደውዬ ነገርኳቸው። እናቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከጤፍ ጋር ነው የኖሩት። ትንሽ ዝም አሉና «ውሃ ካጥለቀለቀውስ?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። የደጀን መሬት ዋልካ ነው። ክረምት ላይ ውሃ ይቋጥራል፣ ጤፍ ደግሞ ውሃ ሲተኛበት ቢጫ ይሆናል። ስለዚህ ገበሬው ቦይ እያወጣ ውሃውን ከማሳው ያባርራል። የቬትናም ገበሬ ግን ማሳውን ዙሪያውን በአፈር እርከን ይከባል። ውሃውን እዚያው አግቶ ችግኙን ጭቃው ውስጥ ይተክላል። ውሃው ለሩዙ መጠጥ ብቻ አይደለም፣ አረሙንም አፍኖ ይይዝለታል። ሲበዛ እርከኑን ከፍቶ ያፈስሳል፣ ሲያንስ ከቦይ እየቀዳ ይሞላል። «ውሃ» ያሉት እንግዲህ ከሰማይ የወረደውን ሁሉ ሳይሆን በልክ የተያዘውን ነው። እኛ ዘንድ ይህን ቶሎ የሚረዳኝ የፎገራ ሰው ይመስለኛል። ርብና ጉማራ ክረምት ክረምት የሚያጥለቀልቁት ሜዳ ነው፣ ሩዝም ከውሃው ጋር ተስማምቶ የለመደው እዚያ ነው።

ቀጥለው እናቴ «እርሻውስ የት ሄደ?» አሉ። ለጤፍ መሬቱ ተደጋግሞ ካልታረሰና ካልለሰለሰ የቀረው ሁሉ ከንቱ ነው። ይህን ጥያቄ ለጎረቤቴ አደረስኩላቸው። «እሱማ ሦስተኛው ውስጥ ነው» አሉኝ። «ከን» የሚሉት ማረሱን፣ ጎንበስ ብሎ መትከሉንና ማረሙን፣ በየቀኑ እየዞሩ እርከን ማየቱን ሁሉ ይጠቀልላል። ያኔ «ትጋት» የሚለውን ተውኩት። ትጋት የተማሪም ነው፣ የቢሮ ሠራተኛም ነው። «ጉልበት» ስል ግን የገበሬው ወገብ ይታየኛል።

ፍግ ላይ ብዙም አልተቸገርኩም፣ ግን አዘንኩ። እኛ ቤት እበቱ ኩበት ሆኖ ምጣድ ያሰማል እንጂ ማሳ የሚደርሰው ጥቂቱ ነው። እንጨት በሌለበት አገር ምን ይደረግ?

ያስጨነቀኝስ የመጨረሻዋ ቃል ናት። «ዘር አራተኛ» ብዬ ብጽፍ ዛሬ አንድም አንባቢ ጥሬ አያስብም። ስለ ብሔር የምናገር ይመስለዋል፣ ጭቅጭቁም ወዲያው ይጀመራል። ምስኪኗ አባባል ደግሞ የምታወራው ጎተራ ስለተቀመጠ እህል ነው። «ምርጥ ዘር» ብልም አልሆነልኝም፣ የግብርና ቢሮ ቋንቋ ይሆናል። ስለዚህ ቃሉን ጨርሶ ሸሸሁት።

ቤት መምታቷንም ማጣት አልፈለግኩም። በእነሱ ቋንቋ «ፈን» እና «ከን» ይገጥማሉ፣ ገበሬው የሚይዛትም በዚያ ነው። ከብዙ መሰረዝ በኋላ እንዲህ አደረግኳት፦

ውሃ ይቀድማል፣ ፍግ ይከተላል፤
ጉልበት ሦስተኛ፣ የሚዘራው አራተኛ።

በእነሱ ስምንት ቃል ብቻ ናት፣ የእኔ እንደዚያ አላጠረችም። ለእናቴ ደውዬ ሳነብላቸው ግን አንዴ ሰምተው መልሰው አሏት። እኔ የፈለግኩት ይህንኑ ነበር።

ለጎረቤቴ ወስጄ ትርጉሙን አስረዳኋቸው። «ውሃ» የምትለዋን ስናገር ሰምተው ደጋገሟትና «በእኛ ቋንቋ ይኸው ቃል አገርም ነው» አሉኝ። «ንዎክ» ውሃ ነው፣ «ንዎክ» አገርም ነው። ወላጆቻቸው እ.ኤ.አ. በ1954 ቬትናም ስትከፈል ከሰሜን ወደ ደቡብ የተሰደዱ ናቸው። እሳቸው ደግሞ በ1975 ሳይጎን ስትወድቅ ወጡ። ያን ጊዜ የሆነባቸውን የሚጠሩበት ቃል «መት ንዎክ» ነው። አገር ማጣት ማለት ነው፣ ቃል በቃል ካየነው ደግሞ ውሃ ማጣት።

እኛም አንድ አካባቢ የበቀልን ሰዎች «የወንዜ ልጅ» እንደምንባባል ነገርኳቸው። ቃሉን በአማርኛው እንዳስተምራቸው ጠየቁኝ። ጠዋት ደረጃው ላይ ስንገናኝ አሁን በስሜ አይጠሩኝም።